ጥርን ከጥር ጋር

ማሬን ከሉማሜ ያመጣት ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ሲያወርዳት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ማመልከቻው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በብብቷ የያዘችው የፕላስቲክ ፋይል ከመጥገቡ የተነሳ አልዘጋ ብሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠፍራዋለች። ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የፈውዚያ ኮምፒውተር ቤት እየተጣደፈች ስትሄድ የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ሂዊ።

ሂዊ የአራት ዓመት ልጇ ናት። ማሬ ሉማሜ ውስጥ ባለ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ወተት ተቀባይ ነች፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ልጅ ስታሳድግ ያገኘችው ሥራ ነው። ንጋት ላይ ስድሳ አራት የማኅበሩ አባላት ወተታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። እሷ ትለካለች፣ በላክቶሜትር ውሃ የገባበት መሆኑን ታያለች፣ በጥቂት አልኮል አቀላቅላ የረጋውን ትመልሳለች፤ ከዚያ የቀረበውንም የተመለሰውንም በመዝገብ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖራለች። አሁን ግን ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ጣቢያውም ይዘጋል። ከፋሲካ በኋላ እንደማይከፈት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ የሚከፈተው ማቀነባበሪያ በራሱ መኪና ከየመንደሩ ሊሰበስብ ነውና። ማሬ ሌላ ሥራ ካላገኘች ሂዊን ቁይ ከተማ እናቷ ዘንድ ጥላ አዲስ አበባ መሄዷ ነው። የሚያሳድራት ዘመድ እንኳ ተገኝቷል። የቀራት ተስፋ ያው ማቀነባበሪያ ያወጣው የጥራት ተቆጣጣሪ ቦታ ነው።

ፈውዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዋ ላይ ሆና የሰርግ መጥሪያ ታርማለች። የከተማው ሰው ማመልከቻ፣ ክስ፣ ውል፣ የሐዘን ምስጋና ሁሉ በእሷ ጣት ያልፋል። ማሬን ስታይ ወንበር በእግሯ ገፋችላት።

«ማርዬ! ምንድን ነው የታቀፍሽው? መንታ ወለድሽ እንዴ?»

«ሥራዬ ነው። እባክሽ ፈውዜ፣ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።»

ፋይሉ ተፈታ። ማሬ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሂዊ ስትተኛም ስትጫወትም፣ በደብተር ወረቀት የሠራችው ዝርዝር ወጣ፤ ሠላሳ አንድ ተራ ቁጥር። ከሥሩ የምስጋና ወረቀት በምስጋና ወረቀት ላይ፣ ማኅተም በማኅተም ላይ። ፈውዚያ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«ተራ ቁጥር አንድ፤ በጣቢያው የወተት ጥራትን ለማረጋገጥ ከፍተኛ ርብርብ ተደርጓል። ሁለት፤ ለአባላት ግንዛቤ ተፈጥሯል። ሦስት፤ የችግኝ ተከላ። አራት፤ ደም ልገሳ። አሥራ ሰባት፤» አለችና ቆመች። «በዘጠነኛ ክፍል የጥያቄና መልስ ውድድር ሁለተኛ? ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ ገድል?»

«ሁሉም ማኅተም አለው!»

«ማኅተሙንማ አየሁት፤ ዓይኔን አመመኝ። ማስታወቂያውን አምጪ እስቲ።»

ማሬ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻት። ፈውዚያ በጣቷ አጉልታ አነበበችው። «ማመልከቻ በኢሜይል ብቻ። በኢሜይሉ ውስጥ ከሥራችሁ ያስገኛችሁትን ውጤት ከሦስት ባልበለጠ ዓረፍተ ነገር፣ በቁጥር አስደግፋችሁ ግለጹ። ከዚያ የረዘመ አይነበብም። ሰርተፍኬት አታያይዙ።»

«አታያይዙ ያሉት ለወጉ ነው ብዬ ነው» አለች ማሬ፣ ድምጿ እየቀነሰ። በአገሩ ልማድ ወረቀት የበዛለት ሰው አይናቅም። ወላጅ ልጁን ሲድር እንኳ ሰው ጠርቶ ነው፤ ባዶ እጅ ቀርቦ «ሦስት ነገር ልንገራችሁ» የሚል ማን አለ?

«ባለፈው አንዱን ጎረምሳ እንዳንቺው አሥራ ስምንት ወረቀት አያይዤ ላክሁለት። መልስ እንኳ አልሰጡትም። እህቱ አራት መስመር ጻፈች፣ ተጠራች። እኔ ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ» አለች ፈውዚያ። አዲስ ገጽ ከፈተች። «አንድ በአንድ ልጠይቅሽ። ርብርብ ተደርጓል ይላል። ማነው ያደረገው?»

«እኛ… ማኅበሩ…»

«አንቺ ምን ሠራሽ?»

ማሬ መሬት መሬት አየች። እኔ እንዲህ አደረግሁ ማለት አፏ አልለመደም። በሪፖርት «ተችሏል»፣ «ተደርጓል» ይባላል፤ በጨዋታ ደግሞ «እግዜር ረዳን» ይባላል። «እኔማ ቤት ለቤት እየዞርሁ በፕላስቲክ ጄሪካን የሚያመጡትን የአሉሚኒየም ካን እንዲይዙ ለመንኋቸው» አለች በመጨረሻ። «ጄሪካን ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም፣ ውስጡ ሳይታጠብ የትናንቱ ወተት የዛሬውን ያኮመጥጠዋል። ርክክቡንም በአንድ ሰዓት አስቀደምሁት፣ ፀሐይ ሳያገኘው።»

«እሰይ! ስንት ሰው ካን ያዘ?»

«አርባ ሰባት። በር በሩን አውቀዋለሁ።»

«አየሽ፣ ይኼ በሠላሳ አንዱ ውስጥ የለም። እሺ ምን ተገኘ? ስንት ነበረ፣ ስንት ሆነ፣ ከስንት?»

ይህንንስ ማሬ ታውቃለች። ከፋይሉ ውስጥ በወርቃማ ሐረግ የተከበበውን ወረቀት መዝዛ አወጣች። አምና በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተሰጣት ነው፤ ሉማሜ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ ጠዋት አውርዳው የመጣች። «የሚበላሸውን ወተት በሰባ አምስት በመቶ በመቀነስዎ» ይላል። ምንጩንም ለማሳየት የወር ድምር የገለበጠችበትን ደብተሯን ገለጠች፦ ጥር 2017 የተመለሰ ወተት 558 ሊትር፤ መጋቢት 2017 የተመለሰ 140 ሊትር።

«በየካቲት ነው ካኑ የታደለው» አለች ማሬ ቀና ብላ። «በሁለት ወር።»

ፈውዚያ ጽፋ አነበበችላት፦ «የሚበላሸውን ወተት በሁለት ወር ውስጥ በሰባ አምስት በመቶ ቀንሻለሁ።» ያማረ ነበር። ማሬ የተናገረችው የሌላ ሰው ጉብዝና እስኪመስላት ድረስ አማረ። ፈውዚያ ግን እጇን ከመጻፊያው አንስታ አገጯን ያዘች።

«መጋቢት አምና… ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እኛ ቤት ለማፍጠሪያ ወተት የምንገዛው ሰውዬ በየቀኑ በራችን ላይ ይቆም ነበር። ‹ክርስቲያኑ ጾመብኝ፣ ማንም አይገዛኝ፣ እናንተ ጨምሩ› እያለ። እና ማርዬ፣ በዚያ ወር እናንተ ጣቢያ የገባው ወተት ስንት ነው?»

ማሬ ወደ ደብተሯ አልዞረችም። መልሱን ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። በጾም ጣቢያው የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ ገበሬው ወተቱን ቤቱ ንጦ ቅቤ ያደርገዋል። ጥር ላይ የቀረበው 6,200 ሊትር፣ መጋቢት ላይ የቀረበው 2,000 ብቻ። ፈውዚያ ካልኩሌተሩን ነካካችው። በጥር ከመቶው ዘጠኝ ተመልሷል። በመጋቢት ከመቶው ሰባት።

ሰባ አምስት በመቶ የተባለው፣ የተጨበጨበለት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ከዘጠኝ ወደ ሰባት ነበር። የቀረውን የቀነሰው ጾሙ ነው።

ጉባኤው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም ራሷም፣ ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ የጾሙ ናቸው፤ ጾም ሲገባ ወተት እንደሚቀር እንደ ጸሎት ያውቁታል። ስለሚያውቁት ነው ያልቆጠሩት።

«ማን ያውቃል?» አለች ማሬ፣ ለራሷ ይሁን ለፈውዚያ ሳይለይ። «ማኅተም አለው እኮ።»

ፈውዚያ ካልኩሌተሩን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የወተት ፋብሪካ ነው የምትልኪው። ከሁሉ በፊት ጾምን የሚቆጥሩ እነሱ ናቸው» አለች።

ከዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፏል። ማሬ ጥርን ከመጋቢት ጋር ሳይሆን ከጥር ጋር ማስተያየት አለባት፤ አምና ጥር ካኑ ሳይታደል፣ ዘንድሮ ጥር አባላቱ በካን እያመጡ። የዘንድሮው ጥር ግን ገና አልተደመረም። ጣቢያው ሊዘጋ ነው ተብሎ ማንም ሪፖርት አልጠየቀ። ቁጥሩ ያለው በመዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ሉማሜ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ተደምሮ ምን እንደሚወጣ እሷም አታውቅም። ስምንት ቢሆንስ? ሰባቱ ራሱ ጾሙ ያመጣው ቢሆንስ?

ደወለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አንሙት በሦስተኛው ጥሪ አነሱ፤ ከኋላቸው የካን ኮሽታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። የጥርን መዝገብ ይፈልጉልኝ፣ ነፍሴ ናት።»

«የጥርን? ዕቃውን ሁሉ ቆልለን መጋዘን አስገብተነው! ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

ስለ ሰባ አምስቱም፣ ‹እኔ› ብላ ስለምትጽፈውም ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ አዳመጡና ድምፃቸው ሻከረ። «ሰባ አምስት በመቶ ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ለወረዳውም እሱኑ ልከናል። አሁን ማኅበሩ ዋሸ ልትይ ነው?»

«አልልም ጋሼ። እኔም ሳላስተውል ነው ያጨበጨብሁት። ግን ደውለው እርስዎን ቢጠይቁ፣ ‹በመጋቢት ስንት ሊትር ገባ?› ቢሉዎት ምን ይላሉ?»

ጋሽ አንሙት ካን በኃይል ሲያስቀምጡ ተሰማ።

«ደግሞ ‹እኔ› ብለሽ ነው የምትጽፊው» አሉ። «ካኑን ያመጣነው እኛ፣ የለወጥነው እኛ። ‹እኔ› ሆነሽ ትሄጃለሽ።» ስልኩ ተዘጋ።

ማሬ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ማተሚያው አቃስቶ ዝም አለ፤ የውጪው የብየዳ ድምፅ ቆመ። የፈውዚያ ላፕቶፕ በባትሪ ብርሃኑን ቀንሶ ቀጠለ። «አንድ ሰዓት ይቆይልናል፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል» አለች ፈውዚያ። «ኔትወርኩን ከስልኬ እሰጠዋለሁ። እስከዚያ ያለንን እንጻፍ።»

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የስንት አባላት ወተት። የመጨረሻዋን ጻፉ፤ ለውጡ በምን መጣ። መካከሏ ባዶ ቀረች። ፈውዚያ ባዶው ላይ ሦስት ነጥብ አኖረች። ነጥቦቹ እንደ ሦስት ዓይን ማሬን ያዩዋታል።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከሩብ። ማሬ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አይነሳም። ወርቃማው ወረቀት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው። ሰባ አምስት። ሁለት አኃዝ መትታ መላክ ብቻ ነው የሚቀራት። ሂዊ ጠዋት ጫማዋን በግራ በቀኝ አሳስታ ተጫምታ «እኔም ማርቆስ እሄዳለሁ» ስትል ያለቀሰችው ትዝ አላት። እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች።

«ላድርገው?» አለች።

«ማመልከቻው ያንቺ ነው» አለች ፈውዚያ። «እኔ የምጽፈው የምትነግሪኝን ነው። ግን የጠየቁሽ ቀን የምትመልሽው አንቺ ነሽ።»

ማሬ ወረቀቱን ገልብጣ በፊቱ ደፋችው። አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ሰባት ካን አውርጄ፣ ሁለት ጆንያ ፈትቼ አገኘሁት» አሉ ጋሽ አንሙት፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ድምሩ የለበትም እኮ!»

«አልደመርሁትም ጋሼ። ቀን በቀን ያንብቡልኝ፤ የቀረበውን፣ ቀጥሎ የተመለሰውን።»

«ሠላሳውንም?»

«ሠላሳውንም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ሲያጠልቁ ተሰማ። ከዚያ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዜማ ጀመሩ። «ጥር አንድ፤ የቀረበ ሁለት መቶ ሃያ፣ የተመለሰ ስድስት። ጥር ሁለት፤ የቀረበ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ የተመለሰ ስምንት…» ማሬ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ያዘችው፤ ፈውዚያ በሰንጠረዥ ላይ ትመታለች። ላፕቶፑ ጥግ ላይ ባትሪው ቀይ ሆነ። ጥር አሥር አለፈ። ጥር አሥራ አንድ። ከዚያ ዜማው ተቋረጠ።

«ጥር አሥራ ሁለት… ይቺን ልዝለላት መሰለኝ።»

«ስንት ነው ጋሼ?»

«አርባ አንድ ሊትር ተመልሷል። ታስታውሻለሽ፣ ሰው ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ያመጣው ከረፋዱ ላይ ነው፤ ወተቱ ፀሐይ ጠጥቶ። አንድ ቀን ናት። ማን ያያታል?»

ማሬ ዓይኗን ጨፈነች። አርባ አንድ። ያን ቀን ለእያንዳንዱ «ይመለሳል» ስትል ፊታቸውን አላየችም ነበር። ብትዘለል ቁጥሩ ያምራል። ግን አምናም ጥምቀት ነበረ፤ አምናም ሰው ታቦት ሸኝቷል። የአምናውን ይዞ የዘንድሮውን መዝለል ያው ጾሙን እንደመርሳት ነው።

«ያንብቧት» አለች።

«አርባ አንድ» አሉ፤ ቀጠሉም። ከጥር ሃያ በኋላ ካርዳቸው አልቆ መስመሩ ተቋረጠ፤ ማሬ መልሳ ደወለች። ሠላሳኛው ቀን ሲነበብ አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነበር። ፈውዚያ ድምሩን ነካችው።

የቀረበ 6,500። የተመለሰ 260።

«አራት» አለች ፈውዚያ በሹክሹክታ። «ማርዬ፣ ከመቶ አራት!»

ማሬ ንባቡ እስኪያልቅ ቆማ ኖሯል፤ አሁን ተቀመጠች። ዘጠኝ የነበረው አራት ሆኗል። ጾም ያልገባበት፣ ወተቱ ያልቀነሰበት፣ እንዲያውም የጨመረበት አራት። ሰባ አምስትን አያህልም፤ ግን ማንም መጥቶ ቢነቀንቀው አይወድቅም።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላንብብልዎት። ‹ለውጡ የመጣው ማኅበሩ ባቀረበው የአሉሚኒየም ካን 47 አባላት ጄሪካን እንዲተዉ ቤት ለቤት በማሳመኔና የጠዋቱን ርክክብ በአንድ ሰዓት በማስቀደሜ ነው።› ካኑን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የዞርሁት እኔ ነኝ። ውሸት አለበት?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስትዞሪ ውሻ የነከሰሽንም ብትጨምሪ» አሉ።

«ቦታ የለም ጋሼ! ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው!»

ከሉማሜ ሳቅ ተሰማ።

ፈውዚያ ሦስቱን አንድ ላይ አኖረች። «ከመስከረም 2016 ጀምሮ ሉማሜ በሚገኝ ባለ 64 አባላት የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ የርክክብና የጥራት ምርመራ ሠራተኛ ነኝ። በጥር 2017 ከቀረበው 6,200 ሊትር ወተት 558 ሊትር (ከመቶ 9) በምርመራ ተመልሶ ነበር፤ በጥር 2018 ከቀረበው 6,500 ሊትር የተመለሰው 260 (ከመቶ 4) ነው።» ሦስተኛዋም ጋሽ አንሙት የሰሟት ናት። ከሥሩ ስሟ፣ ስልኳ፣ መዝገቡን የያዙት የአቶ አንሙት ስልክ። በርእሱ ቦታ የሥራው መደብና ስሟ።

«ላኪው» አለች ማሬ።

የፈውዚያ ጣት ወረደ። ትንሿ ክብ ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች። ኔትወርኩ ጠፋ። ፈውዚያ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ወጣች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ መንገደኛ ዞሮ አያት። «ምን ታያለህ? ኢሜይል ነው የምልከው!» አለችው። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ላፕቶፑ ጠፋ።

በሳምንቱ ሐሙስ ተጠራች። የማቀነባበሪያው ጥራት ኃላፊ ወለተ ማርያም የሚሏት ቀጭን ሴት ናት፤ ፊት ለፊቷ የማሬ ሦስት መስመር ታትሞ ተቀምጧል፣ ከጎኑ እንደ ጡብ የወፈሩ የሌሎች ማመልከቻዎች ተደርድረዋል።

«ለሊቀመንበሩ ደወልንላቸው» አለች ኃላፊዋ። «ሠላሳውንም ቀን ሊያነቡልን ነበር፤ በልመና ነው ያስቆምናቸው።» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ካኑ የታደለው በየካቲት ነው ብለውኛል። ለምን ጥር እስኪደርስ ዓመት ጠበቅሽ? መጋቢትን ብትወስጂ ቁጥሩ የበለጠ ያምርልሽ ነበር።»

ማሬ መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

«መጋቢት ጾም ነው» አለች። «ወተቱ ራሱ አይመጣም። ከመጋቢት ጋር ባስተያየው ሁዳዴን ማመስገኔ ነበር።»

ኃላፊዋ ብዕሯን አንስታ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «እኛም ጾሙን ተጠቅመን ማሽኑን እንተክላለን» አለች። «ከፋሲካ ማግስት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መድረስ ትችያለሽ?»

ማሬ ከግቢው ስትወጣ መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነው፤ ቁይ ያዘጋጁትን የሂዊን አልጋ እንዲያጥፉት። ቀጥሎ ፈውዚያ ቤት ጎራ አለች። ረመዳን ገብቷልና ፈውዚያ ጾመኛ ነች፤ ማሬም ጾመኛ ነች። ሁለቱም ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ቆመው ተሳሳቁ። የፕላስቲክ ፋይሉ ያን ቀን እንደተረሳ ከጠረጴዛው ሥር ነበር።

«ገድልሽን ውሰጂ» አለች ፈውዚያ።

ማሬ ከፍታ ወርቃማውን ወረቀት ብቻ አወጣች። ብዕር ለመነችና በጀርባው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዳትረሳው፣ በገዛ እጇ ጻፈችበት፦ ጥር፣ ከመቶ አራት።